ስም፣ ዓመት፣ ቁስ፦ የዐውደ ርእይ ፖስተርና የግድግዳ መግለጫ አጻጻፍ በእስክንድር ቦጎሲያን ምሳሌነት

የሥዕል ዐውደ ርእይ ሲያበቃ ሥዕሎቹ ከግድግዳ ይወርዳሉ። በአጠገባቸው ተለጥፈው የነበሩት ትንንሽ መግለጫዎች ግን በፎቶግራፍ፣ በካታሎግና በጋዜጣ ዘገባ ውስጥ ይቀራሉ። ከዓመታት በኋላ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪ የአንድን ሥዕል ዘመን ወይም የሠዓሊውን የትውልድ ዓመት ሲጠቅስ፣ ምንጩን ወደ ኋላ ብንከተለው ብዙ ጊዜ የምንደርሰው ከእነዚህ መግለጫዎች ወደ አንዱ ነው። በመግለጫ ላይ የገባ ስሕተት እንግዲህ ከዐውደ ርእዩ ጋር አብሮ አይዘጋም፤ ወደ ጥናቱ ይሸጋገራል።

ይህ አጭር ጽሑፍ ለዐውደ ርእይ ፖስተርና ለግድግዳ መግለጫ የሚዘጋጅ የሠዓሊ አጭር የሕይወት ታሪክና የሥዕል መግለጫ በአማርኛ እንዴት እንደሚጻፍ ይመረምራል። መከራከሪያው አንድ ነው፦ በመግለጫ ላይ ያለ እያንዳንዱ ቃል ማስረጃ የሚጠየቅበት ቃል ነው፤ በኢትዮጵያ ሥዕል ረገድ ደግሞ ማስረጃው በይበልጥ የሚሳሳው በስም፣ በዓመትና በቁስ ላይ ነው። ለማሳያነት የተመረጠው ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን ነው። ሕይወቱ በአዲስ አበባ፣ በለንደን፣ በፓሪስና በዋሽንግተን የተከፋፈለ፣ ሥራዎቹ በተለያዩ አገሮች ሙዚየሞች የሚገኙ፣ የተጠቀመባቸውም ቁሶች ብዙ ዓይነት በመሆናቸው የአጻጻፉ ችግሮች ሁሉ በእርሱ ላይ ተሰብስበው ይታያሉ።

ሦስት ገጾች፣ ሦስት ተግባራት

አዲስ አዘጋጅ በተደጋጋሚ የሚፈጽመው ስሕተት አንድ የሕይወት ታሪክ ጽፎ እርሱኑ እያሳጠረ በየቦታው መለጠፍ ነው። ፖስተሩ፣ የመግቢያው ግድግዳና በሥዕሉ አጠገብ የሚቀመጠው መግለጫ ግን ለተለያዩ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጡ በመሆናቸው የአንዱ ጽሑፍ ምኅጻር ለሌላው አይበቃም።

ፖስተር የሚነበበው በመንገድ ላይ፣ ገና ለመግባት ባልወሰነ ሰው ነው። ይህ ሰው የሚፈልገው ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ የሚለውን ነው። ስለዚህ በፖስተር ላይ የሠዓሊው ታሪክ ከአንድ ዓረፍተ ነገር ማለፍ የለበትም፤ ዓረፍተ ነገሩም ስለ ሠዓሊው ክብር ሳይሆን በአዳራሹ ውስጥ ስላለው ነገር ሊናገር ይገባል። «በፓሪስና በዋሽንግተን የተሠሩ ሥዕሎች» የሚለው ሐረግ «ዕውቁ ሠዓሊ» ከሚለው የበለጠ ለአላፊው ይነግረዋል፤ የመጀመሪያው ምን እንደሚያይ ያሳውቀዋል፣ ሁለተኛው ግን እንዲያምን ብቻ ይጠይቀዋል። በፖስተሩ ላይ ያለው ምስልም የራሱ መግለጫ ያስፈልገዋል፦ ስም፣ ርእስ፣ ዓመትና ባለቤት። ምስሉ ለፖስተሩ ቅርጽ ሲባል ተቆርጦ ከሆነ «ከፊል ገጽታ» የሚል ቃል መጨመር ግዴታ ነው። ያለዚህ ቃል ተመልካቹ የተቆረጠውን ምስል የሠዓሊው ድርሰት አድርጎ ይወስደዋል።

እዚህ ላይ አንድ የሕግ ነጥብ ማስታወስ ይገባል። በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የቅጂ መብት በሠዓሊው ዕድሜና ከሞቱ በኋላ በ50 ዓመት ይጸናል። በ1995 ዓ.ም. ያረፈ ሠዓሊ ሥራ እንግዲህ ዛሬም የተጠበቀ ነው። ሸራውን ያዋሰው ሰው ለመስቀል ፈቅዷል ማለት ምስሉን በፖስተር ላይ ለማተም ፈቅዷል ማለት አይደለም፤ የሸራው ባለቤትና የመብቱ ባለቤት አብዛኛውን ጊዜ የተለያዩ ሰዎች ናቸውና።

የመግቢያው ግድግዳ ጽሑፍ የሚነበበው ገብቶ በቆመ ሰው ነው፤ ሕይወቱ ከሥራው ጋር የሚገናኝባቸውን መስመሮች ይዘረጋል። በሥዕሉ አጠገብ ያለው መግለጫ ደግሞ ዓይኑን ከሥዕሉ ወደ ጽሑፉ፣ ከጽሑፉ ወደ ሥዕሉ በሚመላልስ ሰው ይነበባል። ስለዚህ በዚያ ላይ የሚጻፈው ሁሉ በሥዕሉ ላይ ሊታይ የሚችል ወይም ሥዕሉን ለመለየት የሚያገለግል መሆን አለበት።

ስለ ርዝመቱ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በውጭ ቋንቋ የተጻፉ መመሪያዎች የመግለጫን ልክ በቃላት ቁጥር ይወስናሉ። አማርኛ ግን ባለቤትን፣ ተሳቢን፣ አሉታንና መስተዋድድን በአንድ ቃል ውስጥ ስለሚያጠቃልል የቃላቱ ቁጥር እኩል ቢሆን እንኳ ጽሑፉ እኩል አይሆንም። «ስላልላኩለት» የሚለው አንድ ቃል በሌላ ቋንቋ አንድ ሙሉ ሐረግ ይሆናል። ስለዚህ በአማርኛ መግለጫ የሚቆጠረው ቃል ሳይሆን በተመረጠው የፊደል መጠን የሚይዘው መስመር ቢሆን ይሻላል።

ስምና አንቱታ

በኢትዮጵያ ልማድ ሁለተኛው ስም የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ አይደለም። ይህ ለአማርኛ አንባቢ አዲስ ነገር አይደለም፤ ችግሩ የሚፈጠረው መግለጫው በሁለት ቋንቋ ሲዘጋጅ ነው። ስለ ገብረ ክርስቶስ ደስታ በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው ሠዓሊውን በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር «ደስታ» ብሎ ቢጠራው የጠራው አባቱን ነው። «ገብረ» ብሎ ቢያሳጥረው ደግሞ ስሙን ከመሐሉ ቆርጦታል፤ «ገብረ ክርስቶስ» በሁለት ቃል ቢጻፍም አንድ ስም ነውና። በስም ዝርዝር ላይም ቅደም ተከተሉ በራሱ በሠዓሊው ስም መሆን አለበት።

እስክንድር ቦጎሲያን ይህን ደንብ ውስብስብ ያደርገዋል። «ቦጎሲያን» ከአርመናዊ አያቱ የመጣ እውነተኛ የቤተሰብ ስም ነው። ስለዚህ በእንግሊዝኛው ዝርዝር እርሱን በቦጎሲያን፣ ገብረ ክርስቶስን ግን በገብረ ክርስቶስ ማስቀመጥ መዘበራረቅ አይደለም፤ ሁለቱን ስሞች እንደ ባሕርያቸው ማስተናገድ ነው። ሌላው ችግር ከውጭ ወደ አማርኛ ሲመለስ የሚፈጠር ነው። ሠዓሊው በውጭው ዓለም የሚታወቀው «ስኩንደር» ተብሎ በሚነበብ የላቲን አጻጻፍ ነው። ከእንግሊዝኛ ካታሎግ እየገለበጠ የሚጽፍ አዘጋጅ ስሙን «ስኩንደር» ብሎ ወደ ፊደል ቢመልሰው ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የታወቀውን እስክንድርን እንግዳ ያደርገዋል። ደንቡ ቀላል ነው፦ የአማርኛ ስም ከአማርኛ ምንጭ ይወሰዳል፤ ከላቲን ፊደል አይተረጎምም።

በአማርኛ ብቻ የሚያጋጥም ሌላ ውሳኔ አለ። እንግሊዝኛ ለታላቁም ለታናሹም አንድ ግሥ ይጠቀማል፤ አማርኛ ግን «ተወለደ» ወይም «ተወለዱ» ከማለት አያመልጥም። በጋራ ዐውደ ርእይ ላይ አንዱ ሠዓሊ «ተወለዱ»፣ ሌላው «ተወለደ» ሲባል አዘጋጁ ሳያስበው ደረጃ ሰጥቷል። በሕይወት ያለች ወጣት ሠዓሊ «ተወለደች» ተብላ በአጠገቧ ያለው ሟች «ተወለዱ» ቢባሉ ልዩነቱ ከዕድሜ ይሁን ከክብር ተመልካቹ አያውቅም። ከሁለት አንዱን መርጦ ለሁሉም በእኩል መጠቀም ይገባል። በሥነ ጥበብ ጽሑፍ አንተታው የተለመደና ንቀትን የማያሳይ በመሆኑ፣ በዚህ ጽሑፍም ሆነ በታች በቀረበው ናሙና የተመረጠው እርሱ ነው። በአንቱታ የሚጽፍ አዘጋጅም ትክክል ነው፤ ስሕተት የሚሆነው በአንድ አንቀጽ ውስጥ ሁለቱን ሲቀላቅል ነው።

ዓመት

ከሦስቱ ሁሉ የከፋ ጉዳት የሚያደርሰው ዓመት ነው፤ ቁጥሩ ሲሳሳት ስሕተት አይመስልምና። በኢትዮጵያና በአውሮፓውያን አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ዓመቱን ሙሉ አንድ አይደለም። ከመስከረም 1 ጀምሮ የፈረንጆች ዓመት እስኪለወጥ፣ ማለትም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ፣ ልዩነቱ 7 ነው፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ይሆናል። ሁለት ሠዓሊዎችን እናነጻጽር። እስክንድር ቦጎሲያን የተወለደው ጁላይ 22 ቀን 1937 እ.ኤ.አ. ነው፤ ይህም ሐምሌ 15 ቀን 1929 ዓ.ም. ይሆናል፣ ልዩነቱ 8 ነው። አፈወርቅ ተክሌ የተወለደው ኦክቶበር 22 ቀን 1932 እ.ኤ.አ. ነው፤ ይህም ጥቅምት 12 ቀን 1925 ዓ.ም. ይሆናል፣ ልዩነቱ 7 ነው። በሁለቱም ላይ 8 የሚቀንስ አዘጋጅ የአፈወርቅን የትውልድ ዘመን በአንድ ዓመት ወደ ኋላ ይወስደዋል፤ በሁለቱም ላይ 7 የሚቀንሰው ደግሞ እስክንድርን በአንድ ዓመት ያሳንሰዋል።

ወሩ የማይታወቅ ከሆነ ትክክለኛው አጻጻፍ ሁለት ዓመት በእዝባር መለየት ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. የተሠራ፣ ወሩ ግን ያልታወቀ ሥዕል 1956/57 ዓ.ም. ይባላል። ይህ «1956 ዓ.ም. ገደማ» ከሚለው ጋር መምታታት የለበትም። እዝባሩ የሚናገረው ዘመኑ በአንዱ አቆጣጠር በእርግጠኝነት ታውቆ በሌላው ሁለት ዓመት መንካቱን ነው፤ «ገደማ» ግን ዘመኑ ራሱ በግምት መሆኑን ይናገራል። አንዱን በሌላው ቦታ ያስቀመጠ አዘጋጅ የሚያውቀውን እንደማያውቀው፣ ወይም የማያውቀውን እንደሚያውቀው አድርጎ ጽፏል።

ሁለቱ አቆጣጠሮች በአንድ መስመር ሲቀላቀሉ የሚፈጠረውን ለማየት የእስክንድርን የትውልድ ዘመን ከእንግሊዝኛ ካታሎግ፣ የሞቱን ዘመን ከአማርኛ ጋዜጣ የወሰደ አዘጋጅ እናስብ። በመግለጫው ላይ «1937–1995» የሚል ይወጣል። ሁለቱም ቁጥሮች በየምንጫቸው ትክክል ናቸው፤ ሲደመሩ ግን በ65 ዓመቱ ያረፈው ሠዓሊ በ58 ዓመቱ ያረፈ ይመስላል። ይህን ስሕተት ለመያዝ የሚያስችል ቀላል ፈተና አለ፦ ዕድሜውን ከመግለጫው አስልቶ፣ ዕድሜውን በቀጥታ ከሚናገር ምንጭ ጋር ማነጻጸር። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት የሚሆን ልዩነት ከተገኘ ምክንያቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የአቆጣጠር መቀላቀል ነው።

በሥዕሉ ላይ የተጻፈው ቁጥር ራሱ አከራካሪ ሊሆን ይችላል። በውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ አንድ ሠዓሊ በሸራው ጥግ «57» ብሎ ፈርሟል እንበል። እንደ አውሮፓውያን ከሆነ 1957 ነው፤ እንደ ኢትዮጵያ ከሆነ ከሴፕቴምበር 1964 እስከ ሴፕቴምበር 1965 ያለውን ጊዜ ያመለክታል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሠዓሊው ተማሪ ሳለ የሠራውን ወይም መምህር ሆኖ የሠራውን የሚለይ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ በግእዝ አኃዝ ፶፯ ተብሎ ከተጻፈ አቆጣጠሩ የኢትዮጵያ ለመሆኑ ጠንካራ ምልክት ነው። ፊርማው በአማርኛ ፊደል መሆኑም ያግዛል፣ ብቻውን ግን አይበቃም። ከዚያ በላይ የሚያሳምነው ከሥዕሉ ውጭ ያለ ማስረጃ ነው፦ ከሸራው ጀርባ ያለ የሻጭ ማኅተም፣ ሥዕሉ መጀመሪያ የታየበት ዐውደ ርእይ ካታሎግ፣ ወይም ቀን ያለበት ፎቶግራፍ። ሥዕሉ በ1962 እ.ኤ.አ. በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ከታየ፣ ቁጥሩ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ሊሆን አይችልም። ማስረጃ ካልተገኘ መምረጥ አይገባም፤ «በሸራው ላይ ‹57› ተብሎ ተጽፏል» ብሎ የታየውን ብቻ መመዝገብ ይበቃል። እንዲህ ያለው መግለጫ ለሚቀጥለው ተመራማሪ በሩን ክፍት ይተዋል።

ርእስና ቁስ

እስክንድር በፓሪስ ሳለ በ1964 እ.ኤ.አ. ከሠራቸው ሥራዎች አንዱ በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የሚገኘው «ጁጁስ ዌዲንግ» ነው። ለዚህ ሥራ የሚዘጋጅ የአማርኛ መግለጫ የሚከተለውን ሊመስል ይችላል፦

እስክንድር ቦጎሲያን (1929–1995 ዓ.ም.)
«የጁጁ ሠርግ» (ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ርእስ)
1964 እ.ኤ.አ. (1956/57 ዓ.ም.)
ቴምፐራና ብረታማ ቀለም፣ በተቆረጠና በተቀደደ ካርቶን ላይ
የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ኒው ዮርክ

በቅንፍ የተጨመረው «ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ርእስ» የሚለው ማስታወሻ ትርፍ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የአማርኛው ቃል የአዘጋጁ እንጂ የሠዓሊው አለመሆኑን የሚናገር ሌላ ቦታ የለም። በሰሜን ካሮላይና የሥነ ጥበብ ሙዚየም ያለውን ሌላውን የ1964 እ.ኤ.አ. ሥራ አንዱ አዘጋጅ «የፍርሃትና የሐሴት የሌሊት በረራ»፣ ሌላው «የድንጋጤና የደስታ የምሽት ጉዞ» ብሎ ሊተረጉመው ይችላል። ትርጉም መሆኑ ካልተገለጸ አንድ ሥዕል በሁለት ርእስ ሁለት ሥዕል ሆኖ በጥናት ውስጥ ይገባል። ሠዓሊው ራሱ በአማርኛ የሰየመው ሥራ ሲሆን ደግሞ የተገላቢጦሹ ይሠራል፤ የአማርኛው ርእስ ያለ ማስታወሻ ይቆማል፣ የእንግሊዝኛው ትርጉም መሆኑ ይጻፋል።

ከዚህ መግለጫ እጅግ የሚጠቅመው የቁሱ መስመር ነው። «በተቆረጠና በተቀደደ» የሚሉት ሁለት ቃላት ሁለት የተለያዩ የእጅ ሥራዎችን ይናገራሉ። መቁረጥ ስለታም መሣሪያ የሚተወውን ጥርት ያለ ጠርዝ፣ መቅደድ ደግሞ ጭረቱ የሚታይ ሻካራ ጠርዝ ይፈጥራል። መስመሩን ያነበበ ተመልካች ወደ ሥራው ተመልሶ ጠርዞቹን ይፈልጋል። በብዙ የአገር ውስጥ መግለጫዎች ላይ እንደሚታየው በዚህ ቦታ «ቅይጥ ቁስ» ተብሎ ቢጻፍ ስሕተት አይሆንም፤ ግን ምንም አይናገርም። እስክንድር በኋለኞቹ ዓመታት ከዛፍ ቅርፊት ተወቅጦ በሚሠራ ጨርቅና በብራና ላይም ሠርቷል። የብራናው ምርጫ ከመጽሐፍ ገላጮች ልማድ ጋር የሚያገናኘው በመሆኑ ቁሱን «ቅይጥ» ብሎ መሸፈን የሥራውን አንድ ትርጉም መደበቅ ነው።

ደንቡ እንግዲህ መጀመሪያ ቀለሙን፣ ቀጥሎ የተሠራበትን ገጽ መናገር ነው፦ «የዘይት ቀለም በሸራ ላይ»፣ «የውሃ ቀለም በወረቀት ላይ»። አዘጋጁ ቀለሙን በዓይን ብቻ ለይቶ ማወቅ ካልቻለ «ቀለም በሸራ ላይ» ብሎ ማቆም «ዘይት» ወይም «አክሪሊክ» ብሎ ከመገመት ይሻላል። ልኩ ሲጻፍ ቁመት ይቀድማል፣ ወርድ ይከተላል፣ ቅርጽ ከሆነ ጥልቀት ይጨመራል፤ ሲለካም ከነፍሬሙ ወይስ ያለ ፍሬም እንደሆነ መታወቅ አለበት። «90 × 70 ሳ.ሜ.» የሚል መግለጫ በአግድም በተሰቀለ ሥዕል አጠገብ ከታየ ወይ ልኩ ተገልብጧል፣ ወይ ሥዕሉ ተገልብጧል። ረቂቅ ሥዕል በሚሆንበት ጊዜ ሁለተኛው ከሚታሰበው በላይ ሊደርስ የሚችል ነገር ነው።

የባለሥራው መስመርም እንደ ቁሱ ሁሉ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በዋሽንግተን የኢትዮጵያ ኤምባሲ የሚገኘው «ኔክሰስ» የተሰኘ የ2001 እ.ኤ.አ. የአሉሚኒየም የግድግዳ ሥራ የእስክንድር ቦጎሲያንና የከበደች ተክለአብ የጋራ ሥራ ነው። ፖስተር ቦታ ሲጠብበው መጀመሪያ የሚወድቀው የሁለተኛው ሰው ስም ነው። የወደቀ ስም ደግሞ በሚቀጥለው ካታሎግ ላይ አይመለስም፤ የሚገለበጠው ፖስተሩ ነውና። ቦታ ከጠበበ ሊወጣ የሚችለው ዓመቱ ወይም ልኩ ነው፤ ስም ግን አይወጣም።

ግድግዳው ላይ የሚጻፈው ሕይወት

የሚከተለው አንቀጽ ለዚህ ጽሑፍ ተብሎ የተዘጋጀ መጥፎ ናሙና ነው፤ ቃናው ግን ለአንባቢ እንግዳ አይሆንም።

«ዓለም አቀፍ ዝናን የተጎናጸፉት ታላቁ ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን በ1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። ከልጅነቱ ጀምሮ የሥዕል ፍቅር ያደረበት ይህ ብርቅዬ የጥበብ ሰው በተለያዩ የውጭ አገራት ትምህርቱን ተከታትሎ በርካታ ሥራዎችን ለዓለም አበርክቷል። በዓለም ታላላቅ ሙዚየሞች ሥራዎቹ የተገዙለት የመጀመሪያው አፍሪካዊ ናቸው።»

የአቆጣጠር መቀላቀሉና የአንቱታው መዘበራረቅ ከላይ የተነገሩ ናቸው። ከእነዚህ የበለጠው ጉድለት አንቀጹ ሊፈተን አለመቻሉ ነው። «ዝና»፣ «ብርቅዬ» እና «በርካታ» የሚሉት ቃላት የእስክንድር ስም ወጥቶ የሌላ ሠዓሊ ቢገባ አይለወጡም። «የተለያዩ የውጭ አገራት» ለንደንንና ፓሪስን ሰውሯል። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ደግሞ ተቃራኒ ችግር አለበት፤ እጅግ የተወሰነ ነገር ይናገራል፣ ማስረጃው ግን ከባድ ነው። አንድ ሙዚየም ሥራ መግዛቱ ከራሱ መዝገብ በአንድ መስመር ይረጋገጣል። «የመጀመሪያው» ለማለት ግን ከዚያ በፊት የገባውን ሁሉ መመርመር፣ «አፍሪካዊ» ማለት ማን እንደሆነም መወሰን ያስፈልጋል። ይህ አባባል በአንዱ ጽሑፍ «የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ»፣ በሌላው «የመጀመሪያው አፍሪካዊ» እየሆነ መዘዋወሩ ራሱ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው መሆኑን ያሳያል። መግለጫ ጸሐፊው ቀላሉንና የተረጋገጠውን ይወስዳል፦ ሥራው የት እንደሚገኝ።

ከዚህ በታች የቀረበው በተመሳሳይ ቦታ ሊለጠፍ የሚችል ሌላ አንቀጽ ነው።

«እስክንድር ቦጎሲያን በሐምሌ 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለደ። በ1955 በመንግሥት የትምህርት ዕድል ወደ ለንደን ሄደ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ፓሪስ ተሻግሮ ዘጠኝ ዓመት ያህል ኖረ። በዚያ ሳለ በ1964 የሠራቸው ‹የጁጁ ሠርግ› እና ‹የፍርሃትና የሐሴት የሌሊት በረራ› ዛሬ በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየምና በሰሜን ካሮላይና የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛሉ። በ1966 ወደ አገሩ ተመልሶ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እስከ 1969 አስተማረ፤ በ1967 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ተቀበለ። ወደ አሜሪካ ከሄደ በኋላ ከ1972 ጀምሮ ለረጅም ዓመታት በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ በእነዚያ ዓመታት ከሸራ ሌላ በብራናና ከዛፍ ቅርፊት በተሠራ ጨርቅ ላይ ሠራ። በሚያዝያ 1995 ዓ.ም. በዋሽንግተን አረፈ። (ከልደትና ከሞት በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)»

ይህ አንቀጽ አንድም የውዳሴ ቃል የለውም፤ ሆኖም ሠዓሊው ከመጀመሪያው አንቀጽ ይልቅ በዚህኛው ገዝፎ ይታያል። ሁለት ውሳኔዎች ልብ ሊባሉ ይገባል። የመጀመሪያው የዓመታቱ ነው። ከውጭ ምንጮች የተገኙትና ወራቸው ያልታወቀው ዓመታት ሁሉ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ቢመለሱ አንቀጹ በእዝባር ይሞላና አይነበብም ነበር። ቀናቸው የታወቀው ልደትና ሞት ብቻ ተለውጠው የቀሩት በነበሩበት ተትተዋል፤ ይህም በመጨረሻው ቅንፍ ተገልጿል። በሁለት ቦታ ደግሞ ዓመት በጊዜ ርዝመት ተተክቷል፤ «ዘጠኝ ዓመት ያህል» የሚለው በየትኛውም አቆጣጠር ያው ነውና።

ሁለተኛው ውሳኔ የቀረው ነገር ነው። ስለ እስክንድር ሲጻፍ የፓውል ክሌና የዊፍሬዶ ላም ስም ይነሣል። «ተጽዕኖ» ግን በግድግዳ ጽሑፍ ላይ በአንድ ሐረግ ሲቀመጥ ሠዓሊውን የሌላ ሰው ጥላ ያደርገዋል፤ ተመልካቹም በአዳራሹ የሌለ ሥዕል ይፈልጋል። ግንኙነቱ የሚያስፈልገው ከሆነ ቦታው በአንድ የተወሰነ ሥዕል አጠገብ ነው፤ በዚያ ሊታይ የሚችለውን መስመር ወይም ቅርጽ እያመለከቱ መናገር ይቻላል።

ከመለጠፉ በፊት

ጽሑፉ ከተጠናቀቀ በኋላ ሁለት ፈተናዎች ይቀራሉ። አንደኛው የማስረጃ ፈተና ነው። አዘጋጁ መግለጫውን በአንድ ወረቀት ጎን ጽፎ፣ በእያንዳንዱ ስም፣ ቁጥርና ግሥ ትይዩ ከየት እንዳገኘው ይመዘግባል፤ ከሥዕሉ ከራሱ፣ ከሠዓሊው ቃል፣ ከመዝገብ ወይስ ከሌላ ጽሑፍ። ትይዩው ባዶ የሆነ ቃል ይወጣል ወይም ይለዝባል። በዚህ ፈተና መጀመሪያ የሚወጡት ብዙውን ጊዜ ቅጽሎች ናቸው።

ሁለተኛው የዓይን ፈተና ነው። መግለጫው በእውነተኛው መጠን በተራ ወረቀት ታትሞ በታሰበው ከፍታ ይለጠፍና ጽሑፉን ያላየ ሰው ቆሞ ድምፁን እያሰማ እንዲያነበው ይደረጋል። አንባቢው የሚቆምበት፣ ተመልሶ የሚያነብበት ወይም «ይህ በኛ ነው በፈረንጅ?» ብሎ የሚጠይቅበት ቦታ መታረም ያለበት ቦታ ነው። ከዚያ በኋላ ሥዕሉን እንዲመለከት ይተዋል። በጽሑፉ የተነገረውን ነገር በሥዕሉ ላይ በጣቱ ማሳየት ከቻለ መግለጫው ሥራውን ሠርቷል።

በመጨረሻም የምንጩ ወረቀት ከዐውደ ርእዩ ሰነድ ጋር፣ የተዘጋጀበት ቀንና የአዘጋጁ ስም ተጽፎበት ይቀመጣል። በግድግዳው ላይ «57» ተብሎ የተተወውን ቁጥር አንድ ቀን የሚፈታው ተመራማሪ መጀመሪያ የሚፈልገው ያንን ወረቀት ነው።